ሁለት ሆነን ስናወራ ለምን «እያነበቡ ነው!» ተባልን?

የዛሬው ጽሑፌ የቪዲዮ ፖድካስት ስክሪፕት እንዴት እንደሚጻፍ ነው። ፖድካስት ማለት ሰዎች ቁጭ ብለው ስለ አንድ ጉዳይ ሲያወሩ ተቀርጾ፣ አድማጭ በፈለገው ሰዓት የሚሰማው ዝግጅት ነው። ሲያወሩ ካሜራም ከቀረጻቸው የቪዲዮ ፖድካስት ይባላል። ስክሪፕቱ ደግሞ ከመቀረጹ በፊት የሚጻፈው ነው። «ወሬ ምን ይጻፋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፣ በኋላ ግን የደረሰብኝ ደረሰብኝ።

ባለፈው ዓመት ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስለ እጅ መታጠብ ቪዲዮ ሠርተን ነበር። አቅራቢዎቹ እኔና አንዲት የክፍሌ ልጅ ነበርን። ስክሪፕቱን ብቻዬን፣ ማታ፣ በአንድ ሰዓት ጻፍኩት። አርብ ዕለት ለተማሪው ሲታይ ገና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ አንድ ልጅ «እያነበቡ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ቪዲዮውን የሰማ የለም፣ ሁሉም ይስቅ ነበር። ወረቀቱን እስካሁን አልጣልኩትም፣ እንዲህ ይላል፦

እኔ፦ እጅን መታጠብ ከተለያዩ በሽታዎች የሚከላከል ሲሆን በተለይም ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት መልስ እጅግ አስፈላጊ ነው።
እሷ፦ በጣም ትክክል ነህ። በመሆኑም ሁላችንም እጃችንን በሳሙና መታጠብ ይኖርብናል።
እኔ፦ ሃሃሃ! አንቺስ ትታጠቢያለሽ?
እሷ፦ ሃሃሃ! አዎ፣ እታጠባለሁ።

አዎ፣ ሳቁንም ጽፌዋለሁ። እሷም እንደተጻፈው «ሃ፣ ሃ፣ ሃ» ብላ ፊደል ፊደሉን አነበበችው።

ዘንድሮ እንደገና ልንሞክር ስንል የክበባችን አስተባባሪ ቲቸር መጀመሪያ ምንም እንዳንጽፍ ነገሩን። «ስልኩን አብሩና ዝም ብላችሁ አውሩ፣ ከዚያ ያወራችሁትን ቃል በቃል ገልብጡ» አሉን። አሥር ደቂቃ ያህል ቀረጽንና ሁለቱን ደቂቃ ብቻ ገለበጥነው። ለሁለት ደቂቃ ወሬ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብን፣ ግን ከዚህ የበለጠ ያስተማረኝ ነገር የለም።

መጀመሪያ ያየነው ማንኛችንም «ሲሆን» አለማለታችንን ነው። «በመሆኑም»፣ «ይኖርብናል»፣ «እጅግ» የሚሉትም የሉም። እነዚህ ለፈተና ወረቀትና ለዜና የሚሆኑ ቃላት ናቸው። በእነሱ ፋንታ «እና»፣ «ግን»፣ «እኔ እምልሽ»፣ «ቆይ ቆይ»፣ «ኧረ!»፣ «እንዴ!» ሞልቷል። ሁለተኛ፣ ዓረፍተ ነገር የምንጨርሰው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ግማሽ ላይ ሳለሁ እሷ ገብቷት ትመልሳለች። ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል። በእውነተኛው ወሬ ላይ እሷ የምትመልሰው ለጠቅላላ ሐሳቤ ሳይሆን ለመጨረሻዋ ቃሌ ነው። እኔ «…ጥርስ ውስጥ አይገባም» ካልኩ እሷ «አይገባም?» ብላ ትነሣለች። በድሮው ስክሪፕቴ ላይ ግን እኔ ስናገር እሷ ተራዋን እየጠበቀች ነበር፣ አልሰማችኝም። «በጣም ትክክል ነህ» የሚለው መልስ ለምንም ነገር ይሆናል። ለሒሳብም ይሆናል፣ ለዝናብም ይሆናል።

አሁን ስክሪፕት ጽፌ ስጨርስ አንድ ፈተና አለኝ። የተናጋሪዎቹን ስም በእጄ ሸፍኜ ለታላቅ እህቴ አነብላታለሁና ይሄ የማን ነው እላታለሁ። መለየት ካቃታት ሁለት ሰው አልጻፍኩም ማለት ነው፤ አንዱን ሰው ለሁለት ቆርጬዋለሁ። የእጅ መታጠቡን ስክሪፕት በዚህ ብትፈትኑት ይወድቃል።

አባቴ የልመንህ ታደሰንና የአለባቸው ተካን ጭውውት በጣም ይወዳል። አንድ ቀን አብረን ስናይ «አሁን የሚያወራውን ተወውና የሚሰማውን እየው» አለኝ። እውነትም ሳቁ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቀልዱን ከሚናገረው ሳይሆን ከሚሰማው ፊት ነው። ስለዚህ የሁለት ሰው ስክሪፕት ሲጻፍ ሌላው በዚያን ሰዓት ምን እየሆነ እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። እኔ በወረቀቱ ቀኝ በኩል ጠባብ መስመር አሰምርና እዚያ እጽፈዋለሁ፦ «በቆሎውን ትነክሳለች»፣ «ዓይኑን ያፈጣል» እያልኩ።

ወደ ርእሳችን ልምጣ። ለጨዋታ የሚሆን ጠብ ከየት ይገኛል? መጀመሪያ «ቀን ይሻላል ወይስ ማታ» የሚል አስበን ነበር። ሁለታችንም ምንም ስለማይመስለን ወዲያው ሞተ። ጨዋታ ቢሆንም የምትከራከሩበት ነገር ከልባችሁ የምትለያዩበት መሆን አለበት፣ ያለዚያ ድምፃችሁ ያሳብቅባችኋል። ሁለት ቀን ሙሉ በምን እንደምንለያይ ፈለግን። ያገኘነው ከትምህርት ቤት ስንወጣ ነው። እኔ ወደ ቅቅል በቆሎ ስሄድ እሷ ወደ ጥብስ ሄደች። አለቀ!

በቆሎ ደግሞ በመስከረም ዓለም ባንክ ውስጥ የሌለበት መንገድ የለም። ከታክሲ መውረጃው ጀምሮ ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከሰልና ድስት ተሰልፎ ታያላችሁ። ስለዚህ ተመልካቹም ወገን ይይዛል። ቲቸር አንድ ግዴታ ብቻ ጣሉብን፤ ቢያንስ አንድ ተመልካቹ የማያውቀው እውነት ይኑርበት አሉ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። የመጀመሪያውን ረቂቅ አሁንም ብቻዬን ጻፍኩት። በጥብስ ላይ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። አንዱ ቀልድ ጭሱን የሚመለከት ነበር፣ ቀጥሎ ግን ስለ ሻጮቹ ፊት መጥቆርም ጨመርኩበት። ጓደኛዬ አነበበችው፣ ወረቀቱን አጠፈችው፣ «የቤት ሥራ አለብኝ» ብላ ሄደች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምን ነካት ብዬ ግራ ገባኝ። በሦስተኛው ቀን ከወንድሜ ጋር ስናልፍ ከመንገድ ዳር ከከሰሉ ጀርባ እናቷ ተቀምጠው አየኋቸው። ከክረምቱ ጀምሮ በቆሎ ይሸጡ ነበር፣ እኔ አላውቅም። «እንደምን ዋሉ እማማ» ስላቸው «ና ልጄ፣ ትኩስ ልስጥህ» አሉኝ። የቆምኩበት መሬት ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ምን አለችኝ? «ጭሱን ጻፈው፣ እውነት ነው። ሰዎቹን ተዋቸው።» ይሄን እዚህ እንድጽፈው ራሷ ፈቅዳልኛለች። አሁን እኛ ክበብ ውስጥ የሚሠራበት ነገር ይሄ ነው። ቀልዱ በሐሳቡ ወይም በበቆሎው ላይ ይሁን፣ በሰውዬውም ከሆነ ራሱ በተናገረው ወይም ባደረገው ነገር ላይ ይሁን። በመልክ፣ በቤተሰብ፣ በኪስ ላይ አይሁን። ደግሞ ስለ ሰው የሚወጣ ቀልድ ሁሉ ከቀረጻ በፊት ለባለቤቱ ይነበባል። ካሜራ ፊት ድንገት ቢሰማው አይችልም፣ ይስቃል ግን ፊቱ ይለወጣል፣ ያ ደግሞ በቪዲዮ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱን አብረን ጻፍነው። የሚገርመው በጣም ተሻሻለ፣ ምክንያቱም ስለ ጥብስ የምታውቀው እሷ ነበረች። ነበልባሉ ሳይወድቅ በቆሎው ከተጣደ ላዩ ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል፣ ከሰሉ ፍም እስኪሆን ይጠበቃል፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል፣ ጭሱም ወደ ገዢው እንዳይሄድ ነፋሱ የሚመጣበት ታይቶ ነው የሚቀመጡት። እኔ ብቻዬን ስጽፍ ለእሷ የሰጠኋት መከራከሪያ «ጥብስ ይጣፍጣል» የሚል ብቻ ነበር። ለራሴ አራት፣ ለእሷ አንድ! እንዲህ ዓይነት ክርክር ደግሞ ጨዋታ አይሆንም፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቃል።

እንቆቅልሽ ስንጫወት መመለስ ያቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል አይደል? አገር ይሰጥና ጨዋታው ይቀጥላል፣ ማንም አይኮርፍም። እኛም በስክሪፕታችን ላይ ሁለታችንም ቢያንስ አንዴ «አገር እንድንሰጥ» አደረግን። አንዱ «እሱስ እውነትሽን ነው» ብሎ ይሸነፋል፣ ወዲያው ደግሞ «ግን…» ብሎ ይነሣል። አንድም ጊዜ የማይሸነፍ አቅራቢ ያስጠላል። ሁለቱም በሁሉም ነገር ከተስማሙ ደግሞ ለምን ሁለት ሆኑ?

አሁን የስክሪፕቱን መጀመሪያ ላሳያችሁ። ሰረዙ (—) ያለበት ቦታ ሌላው ይገባል ማለት ነው።

እኔ፦ መስከረም ነው፣ በቆሎ ደርሷል፣ ቅቅል ይበልጣል።
እሷ፦ ገና ሰላም ሳትል?
እኔ፦ ሰላም። ቅቅል ይበልጣል።
እሷ፦ ቆይ ቆይ። ይሄን ከልብህ ነው?
እኔ፦ ከልቤ! ይለሰልሳል፣ ጨው አለው፣ ጥርስ ውስጥ አይገባም —
እሷ፦ አይገባም? ማክሰኞ በስንጥር ስታወጣ ያየሁት ማንን ነው?
እኔ፦ እሱ… እሱ ቆሎ ነበር።
እሷ፦ ቆሎ! ቆሎ ደግሞ ምን ተደርጎ ነው የሚሠራው?
እኔ፦ …ተቆልቶ።
እሷ፦ እሳት ላይ?
እኔ፦ እሳት ላይ።
እሷ፦ ውሃ አለበት?
እኔ፦ እሺ፣ አንድ አገር ውሰጂ።
[ነጥብ፦ እሷ ስለ ፍም፣ ስለ መገልበጥ ትናገራለች። እኔ ስለ ጭሱ አነሣለሁ። በራሳችን ቃል።]

የመጨረሻውን መስመር ልብ በሉ። እዚያ ላይ ቃል በቃል አልጻፍንም። ስክሪፕታችን ግማሹ የተጻፈ፣ ግማሹ ነጥብ ብቻ ነው። ቃል በቃል የምንጽፈው መክፈቻውን፣ መዝጊያውን፣ ቁጥርና ስም ያለበትን፣ እንዲሁም ከላይ እንዳለው እያንዳንዱ መልስ ከፊቱ ባለው ቃል ላይ የሚቆምበትን ቦታ ነው። «ውሃ አለበት?» የምትለው ቀድማ ብትመጣ ወጥመዱ ይበላሻል። ሌላውን ግን በነጥብ እንተወዋለን፣ ምክንያቱም የሚያውቁትን ነገር በራስ ቃል ማውራት ቀላል ነው፣ ያውም ፍም ሲገላበጥ ያደገች ልጅ።

ርዝመቱን የለካነው እንዲህ ነው። ጮክ ብለን አንብበን በሰዓት ያዝነው፣ በአንድ ደቂቃ ወደ 100 ቃል ገደማ እናነባለን። የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ስለፈለግን 400 ቃል መጻፍ ይቻል ነበር፣ እኛ ግን የጻፍነው 250 ያህል ብቻ ነው። የቀረው ለነጥቦቹ፣ ለሳቅና ለዝምታ ነው። ዓምና ሙሉ 400 ጽፌ ነበር፣ ስለዚህ ለመተንፈስ እንኳ ቦታ አልነበረንም።

ልምምድም አበዛን ብለን ተበላሽተናል። ሁለት ጊዜ ስንለማመድ ጥሩ ነበር። በአምስተኛው ቀልዱ ሳይመጣ ፊታችን ለሳቅ ይዘጋጅ ጀመር። አንዳችን ስንጨርስ ሌላው የሚጀምርበት ክፍተት ሁልጊዜ እኩል ሆነ፣ ልክ እንደ መዝሙር። ይሄ ዋናው ምልክት ነው። ሌላው ምልክት በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ድምፅ ዝቅ ማለቱ ነው። ሰው ሲያነብ ይወርዳል፣ ሰው ሲከራከር ግን አይወርድም። ስለዚህ ሁለት ቀን ተውነው። ወረቀቱንም ትተን በትንሽ ካርቶን ላይ ሰባት ቃል ብቻ ጻፍን፦ ሰላም፣ ስንጥር፣ ቆሎ፣ ፍም፣ ጭስ፣ ጥያቄ፣ ቻው።

«ጥያቄ» የምትለዋ የእኔ ሐሳብ ናት፣ ልኩራራ መሰለኝ። እያንዳንዳችን ለሌላው ያላሳየነውን አንድ ጥያቄ በሆዳችን ይዘን እንግባ አልኩ። ድንገተኛ ነገር በልምምድ አይመጣም፣ በእውነት ካላወቅከው ብቻ ነው የሚመጣው። የእኔ ጥያቄ ቲቸር ያዘዙንን እውነት የያዘ ነበር። ካሜራው እየሠራ እንዲህ ሆነ፦

እኔ፦ በቆሎ መጀመሪያ የማን አገር እህል ነው?
እሷ፦ የኛ ነዋ! ጅማ!
እኔ፦ አይደለም። ሜክሲኮ።
እሷ፦ ሜክሲኮ አደባባይ?

ይሄን ማን ይጽፈዋል? እኔ ሺህ ዓመት ብቀመጥ አልጽፈውም። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከዚያ አገሪቱን ማለቴ እንደሆነ፣ ሰዎች በቆሎን እዚያ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ማልማት እንደጀመሩ፣ ወደ አፍሪካ የመጣው ግን ከ500 ዓመት ወዲህ እንደሆነ ነገርኳት። ስለተሳቀ ይመስለኛል ይሄን ያየ ተማሪ ሁሉ እስካሁን ያስታውሰዋል።

የእሷ ጥያቄ ደግሞ አጭር ነበር፦ «አንተ ቅቅል ቀቅለህ ታውቃለህ?» አላውቅም። ዝም አልኩ። በኋላ ስናየው አራት ሰከንድ ያህል ዝም ብያለሁ። «አገር ስጠኝ!» አለች። ቤቴልን ሰጠኋት። «ቤቴል ይቅርብኝ፣ ዓለም ባንክን ስጠኝ» አለች። የራሴን ሰፈር!

ሲቀረጽ ያየሁትን አንድ ችግር ልጨምር። አንዱ ሌላውን ሲያቋርጥ ጨዋታ ይደምቃል፣ ነገር ግን ሁለት ሰው በአንድ ስልክ ላይ እኩል ከጮኸ አንዱም አይሰማም። ስለዚህ የምናቋርጠው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ብቻ ነው፣ የተቋረጠውም ወዲያው አፉን ይይዛል። ስልኩ ወደ አንዱ ካጋደለም ሌላው ከጓዳ የሚያወራ ይመስላል። መሐል ላይ፣ ከሁለታችንም እኩል እርቀት፣ በክንድ ያህል አደረግነው። ክፍሉንም ሦስት ጊዜ ቀየርን። አንዱ ቆርቆሮ ጣሪያ ነበረውና ዝናብ ሲመጣ ምንም አልተሰማም።

የተቀረጸው ስድስት ደቂቃ ተኩል ሆነ። ወደ አራት ስናወርደው የጣልነው ሁለታችን አንድ ላይ የጮኽንበትን፣ እኔ አንድ ቀልድ የደገምኩበትንና ተሳስቼ «ሲሆን» ያልኩበትን ነው። (አዎ፣ አመለጠኝ!) አራት ሰከንዱን ዝምታዬን ልቁረጠው ብዬ ነበር። እሷ ከተቆረጠ ከክበቡ እወጣለሁ ስላለች ቀረ። አርብ ሲታይም ከሁሉ የበለጠ የተሳቀው እዚያ ላይ ነው። «እያነበቡ ነው» ያለ አልነበረም። ያ ልጅም ነበር፣ ዞሬ አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ ቪዲዮውን ለጓደኛዬ እናት በስልክ አሳየናቸው። ከሰሉን እያራገቡ እስከ መጨረሻው አዩት። ጭሱ ላይ ሲደርስ ሳቁ። ሲያልቅ ለእኔ አንድ ጥሬ በቆሎ አነሡልኝና «በል ውሰድና እቤትህ ቀቅል፣ ሁለተኛ ስትጠየቅ ዝም እንዳትል» አሉኝ።